ከማይነሩ ቤት የተበደረ ኮርድ

ጋሽ ፈቀደ ኪቦርድ የሚያስተምርባት ክፍል ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ ናት። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ የሚኖረው ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ይመጣል። ደረጃውን ሲወጣ በየእርከኑ ያርፋል፤ "ከፒያሳ የቀረኝ ይሄ ደረጃ ነው፣ ቶሎ ልጨርሰው አልፈልግም" ይላል። አራት ተማሪዎች አሉት፤ ከአራቱ ትልቁ እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው የሄድኩት። በዚያ ዕድሜ ሰው ለምን ሙዚቃ ይማራል ብሎ አልጠየቀኝም። "ጣት አያረጅም፣ ይሰንፋል እንጂ" ብሎ አስቀመጠኝ።

ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ፒያሳ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ልጃቸው ሱቁን ይረከበኛል ሲሉ እሱ ውቤ በረሃ ያለ አንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ገባ። "አባቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ እንዲያው ያ ልጅ ምንድን ነው የሚሸጠው እያሉ ይጠይቁ ነበር" ብሎ አጫውቶኛል። ሆቴሉ ተዘጋ፣ ባንዱ ተበተነ፣ እሱ ግን በሠርግም በትምህርት ቤትም ሲጫወት ኖረ። ስሙ የታተመበት አንድም ካሴት የለም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ቀላል ዜማ በዶ ሜጀር እያጀብኩ ነበር፤ ዶ፣ ፋ፣ ሶል፣ ተመልሶ ዶ። ጋሽ ፈቀደ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሰማኝ።

"ስህተት የለውም" አለ። "የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። እስቲ አንድ ቦታ ላይ ከማይነር ተበደር።"

ማይነር ሲለኝ ላ ማይነርን መታሁ። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ላ ማይነርማ የገዛ ልጅህ ነው። ኖታዎቹ በሙሉ ዶ ሜጀር ውስጥ ያሉ ናቸው። ሰው ከራሱ ጓዳ ይበደራል እንዴ?"

"ከየት ልበደር ታዲያ?"

"ከዶ ማይነር። ዶ ሜጀርና ዶ ማይነር በአንድ ደጃፍ የሚገባባቸው ሁለት ቤቶች ናቸው። ደጃፉ ዶ ነው። አንዱ ቤት ፀሐይ ይገባዋል፣ የሌላው መስኮት ጠባብ ነው። አንተ ከፀሐዩ ቤት ሳትወጣ እጅህን ሰደድ አድርገህ ከጎረቤት አንድ ኮርድ ታመጣለህ። አሰምተህ ትመልሳለህ። ካልመለስክማ ቤት ለወጥክ።"

አጠገቤ ተቀመጠና የፋን ኮርድ ያዘ፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሦስቱን በአንድ ጊዜ። ከዚያ መካከለኛው ጣቱን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገ። ላ ፍላት ሆነች፤ ኮርዱ ፋ ማይነር ሆነ። አራት ምት ጠበቀና ወደ ዶ ሜጀር ተመለሰ፤ ያቺው ድምፅ እንደገና ግማሽ ወርዳ ሶል ላይ አረፈች።

"ላ፣ ላ ፍላት፣ ሶል" አለ። "አንዷ ደረጃ ስትወርድ ይሰማሃል? ዶን ደግሞ እያት። ሦስቱም ኮርዶች ውስጥ አለች፣ አልተነቃነቀችም። ዘፋኙ ዶን ይዞ ከቆመ ከሥሩ ሁሉም ነገር ሲያልፍ እሱ ቆሞ ይቀራል።"

እንደገና እንዲጫወተው ለመንኩት። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

"ይቺ ኮርድ ሰው በድላለች" አለ። "እኔ ነኝ እንጂ፣ እሷ ምን አደረገች።"

የዚያን ቀን ነው ስለ ጥሩነሽ የነገረኝ።

በ1979 ዓመተ ምሕረት ጥሩነሽ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሆቴሉ ውስጥ በተራ ከሚዘፍኑት አንዷ ናት። የራሷ የምትለው አንድ ዘፈን ነበራት፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ነው ያወጣችው፣ በትዝታ ሜጀር። አንድ ካሴት አሳታሚ ለባንዱ ካሴት ሊቀዳ ሲስማማ ከካሴቱ አንዱ ዘፈን ለእሷ ተሰጠ። በዚያ ዘመን ቀረጻው ቀን ነበር፤ የሆቴሉ አዳራሽ ባዶውን ሳለ፣ ዘፋኙም ባንዱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቴፕ ላይ። አንዱ ከሳተ ሁሉም ሳተ።

ፈቀደ ያን ሰሞን በማታ ትምህርት የተበደረ ኮርድ ተምሮ አእምሮው በሱ ተይዞ ነበር። የጥሩነሽ ዘፈን የመጀመሪያው የግጥም ቁጥር ሲያልቅ ድምፅዋ ዶ ላይ ስምንት ምት ይቆያል። እዚያ ቦታ አራቱን በፋ ሜጀር፣ አራቱን በፋ ማይነር ቢያጅበው እንዴት እንደሚያምር ሲያስብ አደረ። ጠዋት ለማንም ሳይናገር አስገባው። ለእሷም አልነገራትም። "ላስደንቃት ፈልጌ" ነው ያለኝ።

ፋ ማይነሩ ሲመጣ ጥሩነሽ ዶን እንደያዘች ነበረች። ነገር ግን የእኛ ሰው ጆሮ ያቺን ዝቅ ያለች ላ የሚያውቃት ከሌላ ቦታ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚንና ላን ግማሽ ዝቅ ስታደርጋቸው ትዝታ ማይነር ይሆናል። ጥሩነሽ ላ ፍላትን ስትሰማ ባንዱ ወደ ማይነር የገባ መሰላት። ሁለተኛውን ቁጥር በትዝታ ማይነር ጀመረችው። ባንዱ ግን ወደ ዶ ሜጀር ተመልሶ ነበር። የእሷ ዝቅ ያለች ሚ ከባንዱ ሚ ጋር ተጋጨች። ሳክስፎኑ አቆመ፣ ከዚያ ከበሮው።

የባንዱ መሪ መድኃኔ የሚባል የአራዳ ልጅ ነበር፤ አፉ ምላጭ። "ምነው ጥሩዬ" አላት በማይክሮፎኑ፣ "ኪራይ ሳትከፍይ ቤት ለወጥሽ?" ሁሉም ሳቀ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ሳተች፤ አሁን ደግሞ ፈርታ ነው የሳተችው። አሳታሚው ሰዓቱን አየና "ሌላዋ ትግባ" አለ።

"አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ" አለኝ ጋሽ ፈቀደ። "ኮርዷ የኔ ናት፣ ልጅቷ አልሳተችም ማለት። አላልኩም። አብሬ ሳቅሁ መሰለኝ። መሳቄን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን አለመሳቄንም አላስታውስም።"

ጥሩነሽ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ከድልድዩ በታች የክርና የአዝራር ሱቅ ገባች፤ በኋላ ሱቁ የራሷ ሆነ። ላለፉት ሠላሳ ስምንት ዓመታት በሱቋ ደጃፍ ሲያልፍ ሰላም ይላታል፣ ሰላም ትለዋለች፤ ለሸሚዙ አዝራር ይገዛል። ስለ ዘፈኑ ተነጋግረው አያውቁም።

ይህን ከነገረኝ ከሁለት ወር በኋላ ራሷ ደረጃውን ወጣች። ጠንካራ የምትመስል፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የጠቀለለች ሴት ናት። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ብርድ የመታት መስሎኝ ነበር።

"ፈቄ፣ ተማሪህን ልረብሽብህ ነው" አለች።

"ይረበሽ። ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም፣ ሱቁን ለጎረቤት ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ማንቁርቴ ላይ ክፉ ነገር ተገኝቷል። የዛሬ አሥር ቀን፣ ማክሰኞ፣ ያወጡታል። ሙሉውን። ከዚያ በኋላ መናገር የለም አሉኝ።" ገበያው ስለቀዘቀዘበት ክር የምታወራ ነበር የምትመስለው። "ያቺን ዘፈኔን አንድ ጊዜ መቅዳት እፈልጋለሁ። የምታውቃት አንተ ብቻ ነህ። መድኃኔም ሞቷል።"

ጋሽ ፈቀደ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፣ ቆሞ ቀረ።

"ምነው፣ አርጅተህ ረሳሃት?"

"አልረሳኋትም" አለ።

ዘፈኑ የሚቀዳበት ስቱዲዮ እዚያው ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ኤርሚ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከጋሽ ፈቀደ ኪቦርድ የተማረ ልጅ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረውን ቅዳሜ ለእነሱ ባዶ አደረገው። በመካከሉ ባለው ሳምንት ጋሽ ፈቀደ በየቀኑ ከከተማው ዳር እየመጣ ሲለማመድ ሁለት ጊዜ አብሬው ነበርኩ። የቁጥሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ስምንቱን ምት በሙሉ በፋ ሜጀር ይዞ ወደ ዶ ይመለሳል። ፋ ማይነሩ የለም።

"አወጡት?" አልኩት።

"ይሄን ጊዜማ አላደናቅፋትም" አለ። "አንድ ዕድል ነው ያላት። ሜዳውን ጠርጌ ነው የምሰጣት።"

"ነግረዋታል?"

"ምን ብዬ? ያኔ ያሳትኩሽን ኮርድ አውጥቼልሻለሁ ልበላት? ዝም ብላ ትዝፈን።"

ልክ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን መስሎኝ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ተገናኘን። ጥሩነሽ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ገባች፤ ጋሽ ፈቀደ ከመስታወቱ ወዲህ ኪቦርዱ ጋ ተቀመጠ። ኤርሚ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አስተካከለላት።

"እትዬ፣ አይጨነቁ፣ የፈለጉትን ያህል ይድገሙ፣ እኔ እየቆረጥኩ እቀጥለዋለሁ።"

"በእኛ ጊዜ የሚቆረጠው ዘፋኙ ነበር" አለችው። ኤርሚ ሳቀ። ጋሽ ፈቀደ አልሳቀም።

ጀመሩ። ድምፅዋ የተሰነጠቀ ነበር፤ ስንጥቁ ግን ከቦታው አላወጣትም። እያንዳንዱን ኖታ እንደ ክር ጫፍ ፈልጋ ነው የምትይዘው። ወደ መጨረሻው ሁለት ስንኝ ደረሰች።

"መንገዱም ያው መንገድ፣ ደጃፉም ያው ደጃፍ፣
ምነው እግሬ ብቻ እያየ የሚያልፍ።"

የመጨረሻው ቃል ላይ፣ ዶ ላይ ቆመች። አራት ምት ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ቀና ብላ በመስታወቱ አሻግራ ጋሽ ፈቀደን አየችው። እሱ ዓይኑ ጣቱ ላይ ነበር። አምስተኛው ምት ላይ ሲደርስ ፋ ሜጀሩ እንደነበረ ቀጠለ። ጥሩነሽ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ድምፅዋ ወደ ላ ወረደ፣ እዚያ ተንቀጠቀጠና ወደ ዶ ተመለሰ። የባህል ዘፋኝ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ባዶ ቦታ ሲያገኝ እንደሚሞላው ነው። ያምር ነበር። ወደ ሁለተኛው ቁጥር ስትገባ ሳል ያዛት። ውኃ ጠጣች፣ ሞከረች፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን እንደገና ሞከረች። የለም።

"አንዱ ቁጥር ይበቃል" አለች በሹክሹክታ።

ኤርሚ አሰማን። ከስህተት የጠራ ነበር። ጋሽ ፈቀደ ላቡን ጠረገ፤ ያን ያህል ቀሎት አይቼው አላውቅም። ደረጃው ላይ ክንዷን ይዞ እያወረዳት ነበር፣ እኔ ከኋላ ነኝ።

"ፈቄ" አለችው፣ በዚያው ሹክሹክታ። "ያቺን ኮርድ ምን አደረግሃት?"

ቆመ። "የቷን?"

"ተው እንጂ። ያቺን ያለቃቀሰችውን።"

"አወጣኋት... እንዳታስቸግርሽ ብዬ።"

የደረጃውን መደገፊያ ያዘች።

"ያኔ ያስገባሃት አንተ እንደሆንክ በሳምንቱ ነው የገባኝ" አለች። "ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። ዶን ብቻ ያዢ፣ ከሥርሽ ትለፍ፣ አትከተያት አለኝ። ሱቅ ውስጥ፣ ክር እየጠቀለልኩ፣ ሰው በሌለ ሰዓት፣ ኮርዷን በሐሳቤ እያመጣሁ ዶን እይዛለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተለማምጃታለሁ'ኮ። ዛሬ ስጠብቃት ነበር። ስትቀር ጊዜ ምን ላድርግ፣ ሞላሁት።"

ይህን ብላ መውረድ ጀመረች፤ ማውራቱ አድክሟታል።

ሰኞ ጠዋት እኔና ኤርሚ ስቱዲዮው ሳይከፈት ጋሽ ፈቀደን በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። የጥሩነሽ ድምፅ ከቅዳሜ ወዲህ አልተመለሰም፤ ነገሩ ግን ለእሱም ለእኔም ቀላል መስሎን ነበር። በዛሬ ጊዜ ድምፅና ኪቦርድ ለየብቻ ነው የሚቀዳው። ድምፅዋን ሳይነኩ የኪቦርዱን ኮርድ መለወጥ ነው። ኤርሚ የቅዳሜውን ወደ ጎን አስቀምጦ አዲሱን ቀዳለት፤ አራት ምት ፋ ሜጀር፣ አራት ምት ፋ ማይነር፣ ከዚያ ዶ።

ተጫወተ። ሰባተኛው ምት ላይ ሦስታችንም ፊታችንን አጨማደድን።

ድምፅዋ ወደ ላ የወረደበት ቦታ ነው። የኪቦርዱ ላ ፍላት ከእሷ ላ ጋር ግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው አብረው ጮኹ። የሚያስከፋ ነበር፤ የሳተች የምትመስለው ደግሞ እሷ ናት። ቀጥ አድርጋ ዶን ይዛ ቢሆን ኮርዷ በሥሯ ታልፍ ነበር። ኮርዷ ስለሌለች ነው ላን የጨመረችው፤ ላን ስለጨመረች ደግሞ ኮርዷ ልትገባ አትችልም።

"ጋሼ፣ አይጨነቁ" አለ ኤርሚ። "በኮምፒዩተሩ ላዋን ግማሽ ዝቅ አደርጋታለሁ። ወይ ጭራሽ ወደ ዶ እጎትታታለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ማንም አያውቅም።"

"አትንካት።"

"እንዲያው ለሙከራ..."

"አትንካት አልኩህ። አንድ ጊዜ ሳልነግራት አስገባሁባት። አንድ ጊዜ ሳልነግራት አወጣሁባት። ጉሮሮዋንም ሳልነግራት ልነካካው ነው?"

ኤርሚ እጁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳ። ጋሽ ፈቀደ ወደ ኪቦርዱ ዞረ። ስምንቱን ምት በሙሉ እንደ ቅዳሜው በፋ ሜጀር ተወው። የእሷ ድምፅ ሲያበቃ ግን በቀጥታ ወደ ዶ አልተመለሰም። አራት ምት ፋ ማይነር ጨመረ፣ ከዚያ ዶ። የእሷ ላ፣ የእሱ ላ ፍላት፣ ከዚያ ሶል። ደረጃዋ ተሟላች። ኤርሚ "አሪፍ ሆነ" አለ። እኔም ዓይኔ ረጠበ።

"እስክትሰማው ድረስ አሪፍ የሚባል የለም" አለ ጋሽ ፈቀደ። ሁለቱንም በስልኬ እንድይዝለት ጠየቀኝ፤ የቅዳሜውን እንደነበረ፣ የሰኞውንም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በስምንተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድን። አንገቷ ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ነው የምትተነፍሰው፤ ጭኗ ላይ የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ነበር። ጋሽ ፈቀደ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ሲናገር እንደ ተማሪ ነበር።

"ጥሩዬ፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቅዳሜው ነው። በሌላው ኮርዷን ካንቺ በኋላ አስገብቻታለሁ፤ ድምፅሽን አልነካሁትም። የትኛው እንደሚቀር አንቺ ነሽ የምትወስኚው። እኔ አልወስንም።"

ማዳመጫውን አደረግንላት። የመጀመሪያውን ሰማች። ሁለተኛውን ሰማች፤ መጨረሻው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ደብተሩን ሳበችና በሱቅ ጽሕፈቷ፣ ትልልቅ አድርጋ ጻፈች።

"ታምራለች። ግን እኔ ዝም ካልኩ በኋላ ነው የመጣችው። አውጣት።"

ጋሽ ፈቀደ አነበበው። "እሺ" አለ።

እስክሪብቶውን እንደገና አነሳች። "እኔ ዶን ይዤ ከሥሬ ብታልፍ ይሻል ነበር።"

"አዎ" አላት። "ይሻል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔም የኔ ነበር።"

ይህንን ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁትን እዚህ ልገልጸው አልችልም። ይቅር ብዬሃለሁ ብላ አልጻፈችም። ደብተሩን ዘግታ እጁ ላይ አስቀመጠችው፣ እጇንም ከላዩ። ነርሷ ሰዓት አልቋል እስክትለን ድረስ እንደዚያው ነበሩ።

ኤርሚ የሰኞውን አጠፋው። የቀረው የቅዳሜው ነው፤ አንድ ቁጥር፣ ከፋ ሜጀር በቀጥታ ወደ ዶ የሚመለስ፣ መጨረሻው ላይ ላ ያለበት። ሰምተውት የሚያደንቁ ሰዎች አሉ። ምን እንደጎደለው ማንም አይጠይቅም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጥሩነሽ እያረፈች ደረጃውን ወጣች። ትምህርቴን እየጨረስኩ ነበር። በነጠላዋ አንገቷን ሸፍና ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ኪቦርዱን በአገጯ አመለከተች። ጋሽ ፈቀደ ገባው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አጀባት፤ ዜማውን ሳይጫወት፣ ኮርዶቹን ብቻ። እሷ ከንፈሯ ተዘግቶ ቀኝ እጇን መዳፏን ወደ ታች አድርጋ አየር ላይ አነሳች፤ እጇ በሐሳቧ ካለው ዜማ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር።

የቁጥሩ መጨረሻ ደረሰ። እጇ ዶ ላይ ቆመ። ፋ ሜጀር፣ አራት ምት። ጋሽ ፈቀደ ቀና ብሎ አያት፤ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። መካከለኛ ጣቱን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገ።

ፋ ማይነሩ ክፍሉን ሞላው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኮርዱ ወደ ዶ እስኪመለስ ድረስ እጇን አየሁት። አልተነቃነቀም።